የጎበኘንን ሰው ስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ እንከተለው? የሪታርጌቲንግ ምርጫዎች ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ

ደሴ መናኸሪያ የገባ ሰው ያውቀዋል። "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ የሚጣራውን ረዳት ማንም አይቀየመውም፤ ሥራው ነው። ግን ሂሳብ ከፍላችሁ መስኮት ዳር ከተቀመጣችሁ በኋላ ያው ልጅ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ "ኮምቦልቻ ነህ?" ቢላችሁ አንዴ ትስቃላችሁ። አምስተኛው ላይ ወርዳችሁ ሌላ መኪና መፈለግ ያምራችኋል።

እኔም ያንን ረዳት ሆኜ አውቃለሁ። ደሴ ውስጥ ሶፋና አልጋ ለሚሸጡ አንድ ሀጂ የፌስቡክ ማስታወቂያ እሠራ ነበር። ገጻቸውን ነክቶ ለሄደ ሰው ሁሉ ማስታወቂያው ተመልሶ እንዲታየው አደረግኩ። ሪታርጌቲንግ የሚባለው ይኸው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ደንበኛ ሱቅ ድረስ መጡ። "ሶፋውን ገዝቼ ሳሎኔ አስገብቻለሁ እኮ! ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የምታሳዩኝ ምን ቀረኝ ብላችሁ ነው?" አሉ። ሀጂ "አብሽሪ፣ ልጁ ያስተካክለዋል" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ማስተካከያው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

መወሰን ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቀን ገደብ ነው፦ አንድ ሰው ከጎበኛችሁ በኋላ ለስንት ቀን "ታዳሚ" ሆኖ ይቆያል? ሁለተኛው የድግግሞሽ ጣሪያ ነው፦ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማስታወቂያውን ቢበዛ ስንት ጊዜ ያያል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን እንደነበረ ይተወዋል፣ ሁለተኛው መኖሩንም አያውቅም።

መለኪያዎቹ

ምርጫዎቹን የማያቸው በአራት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ደንበኛው ለመወሰን ስንት ቀን ይፈጅበታል የሚለው ነው። የልደት ኬክ የሚያዝ ሰው ዛሬ ጠይቆ ነገ ይወስናል። ሶፋ የሚገዛ ሰው ደግሞ ባለቤቱን ያማክራል፣ ሳሎኑን ይለካል፣ ደመወዝ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ታዳሚው ስንት ሰው ነው የሚለው ነው። ድግግሞሽን የሚወልደው ይኸ ነው። ትንሽ ሰው ላይ ትልቅ ገንዘብ ካፈሰሳችሁ ያው ሰው ደጋግሞ ከማየት ሌላ ዕድል የለውም።

ሦስተኛው፣ የመረጣችሁት የካምፔይን ዓይነት የድግግሞሽ ጣሪያ ያስቀምጣል ወይ? ሁሉም አያስቀምጥም።

አራተኛው የገዛውን ሰው ታውቁታላችሁ ወይ? በአብዛኛው እኛ ጋ ግብይቱ የሚያልቀው ሱቅ ውስጥ ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ነው። ፌስቡክ ይህንን ከየት ያውቀዋል? ለእሱ ሶፋውን የገዛችው ሴትና አይታ የተወችው ሴት አንድ ናቸው።

የቀን ገደብ፦ 7፣ 30 ወይስ 180?

ፌስቡክ ላይ ከድረ ገጽ ጎብኚዎች የሚሠራ ታዳሚ እስከ 180 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከገጽ ወይም ከኢንስታግራም ተሳትፎ የሚሠራው ደግሞ እስከ 365 ቀን። ቁጥሩን የምትጽፉት ታዳሚውን ስትፈጥሩ Retention የሚለው ሳጥን ውስጥ ነው።

7 ቀን ለፈጣን ውሳኔ ነው፦ ለኬክ፣ ለምግብ፣ ለስልክ ቀፎ፣ ለበዓል ልብስ። ኮምቦልቻ ያለ ኬክ ቤት ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም። እንዲያውም 3 ቀን ይበቃዋል፤ ልደቱ ካለፈ ሻማው ጠፍቷል። የዚህ ምርጫ ችግር የሰው ማነስ ነው። ገጻችሁን በሳምንት 150 ሰው ብቻ የሚነካው ከሆነ ማስታወቂያው ወይ ጨርሶ አይሄድም፣ ወይ እነዚያኑ ሰዎች ያደክማቸዋል።

30 ቀን ለእኛ አገር የሚመች የተለየ ምክንያት አለው። ደመወዝ ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ፣ ሰውየው መቼም ይጎብኛችሁ መቼ፣ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ደመወዝ ይወጣለታል። ጳጉሜን ካልገባችበት በቀር። 14 ቀን የመረጠ የቤት ዕቃ ሻጭ ግን በወሩ መጀመሪያ የመጣውን ደንበኛ ኪሱ ባዶ በሆነበት ሁለት ሳምንት አባሮት፣ ደመወዝ ሊወጣ ሲል ይተወዋል። ይህንን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ። የአልጋ፣ የሶፋ፣ የፍሪጅና የቴሌቪዥን ሻጭ መነሻው 30 ቀን ይሁን።

90 እና ከዚያ በላይ ለረጅም ውሳኔ ነው፦ ለሠርግ አዳራሽ፣ ለዲኮር፣ ለቤትና ለመኪና። የጥር ሠርግ ያለው ሰው አዳራሽ መጠየቅ የሚጀምረው በመስከረም ወይም በጥቅምት ነው። እዚህ ላይ 30 ቀን ያጥራል። ሶፋ ላይ ግን 180 ቀን ማለት፣ የገዛውንም፣ ከሌላ የገዛውንም፣ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረውንም አብሮ መጎተት ነው።

አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። ቀኑ የሚቆጠረው ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ከነካችሁ ዕለት ጀምሮ ነው። ማስታወቂያውን ነክቶ ድረ ገጻችሁ ከገባ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በገጽ ተሳትፎ በሚሠራው ታዳሚ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ለማስታወቂያው የሚሰጥ ምላሽም እንደ ተሳትፎ ይቆጠራል። የተናደደ ፊት የጫነውም፣ "ኧረ ሰለቸን!" ብሎ ኮሜንት የጻፈውም ሰው ገና ተሳታፊ ነው። እናንተን ለመሸሽ ብሎ ያደረገው ነገር ራሱ እስከ 365 ቀን ያስረዝምበታል። ገጽ ላይ ከተመሠረተ ታዳሚ ጋር ረጅም ቀን የማልወደው ለዚህ ነው።

ቀኖቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ

ትንሽ የላቀ ሰው ሦስት ታዳሚ ይሠራል፦ የ7 ቀን፣ የ30 ቀን፣ የ90 ቀን። ለእያንዳንዱም የራሱ ማስታወቂያ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የ30 ቀኑ ታዳሚ የ7 ቀኑን ሰዎች በውስጡ ይዟል። የ90 ቀኑ ደግሞ ሁለቱንም። ስለዚህ ትናንት የጎበኛችሁ ሰው በሦስት አቅጣጫ ይታደናል።

ጣሪያ ብታስቀምጡም አያድናችሁም። ጣሪያው የሚሠራው በየአድ ሴቱ፣ ማለትም ታዳሚው በሚመረጥበት በእያንዳንዱ የካምፔይን ክፍል፣ ለየብቻ ነው። ሦስቱም ላይ "በ7 ቀን 2 ጊዜ" ብትሉ ሰውየው 6 ጊዜ ሊያይ ይችላል። መፍትሔው የ30 ቀኑን ስታነጣጥሩ የ7 ቀኑን Exclude ማድረግ፣ የ90 ቀኑን ስታነጣጥሩ የ30 ቀኑን ማስወጣት ነው። በቀን ከ10 ዶላር በታች ለሚያወጣ ሰው ግን ምክሬ አንድ ታዳሚ ብቻ ይኑራችሁ ነው። መደርደሩ ለትልቅ ሱቅ ነው።

የድግግሞሽ ቁጥጥር፦ ሦስት መንገድ

አንደኛው እውነተኛ ጣሪያ ነው። ፌስቡክ ላይ Awareness የሚለውን ዓላማ ስትመርጡ አድ ሴቱ ውስጥ Frequency cap ይመጣላችኋል። "በ7 ቀን ውስጥ 2 ጊዜ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ሲስተሙ ቃሉን ይጠብቃል። ጉድለቱ፣ ይህ ዓላማ ማስታወቂያውን የሚያሳየው ለብዙ ሰው ለማድረስ እንጂ መልእክት ይልካል ብሎ ለሚጠረጥረው ሰው መርጦ አይደለም። አዲስ ሰው ለመፈለግ ቢሆን ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ለሪታርጌቲንግ ግን ያን ያህል አያስፈራኝም። ታዳሚውን ገጻችሁን በመንካቱ አስቀድማችሁ አጥርታችሁታል።

ሁለተኛው በበጀት መቆጣጠር ነው። መልእክት፣ ትራፊክ ወይም ሽያጭ የሚሉትን ዓላማዎች ስትመርጡ ጣሪያው በአብዛኛው የለም። ፖስት ቡስት ስታደርጉም እንዲሁ። ያላችሁ ልጓም በጀቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅኩት፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እናስላው።

የሀጂን ቁጥር ለማስያ እንዲመች አጠጋግቼዋለሁ። የ30 ቀኑ ታዳሚ 1200 ሰው ነበር። በሳምንቱ በእርግጥ የተደረሰው 800 ነው፤ ሁሉም ሰው በየሳምንቱ ፌስቡክ አይከፍትም። በጀቱ በቀን 4 ዶላር። የ1000 እይታ ዋጋ 1 ዶላር እንበል። በ4 ዶላር በቀን 4000 እይታ ይገዛል፣ በሳምንት 28,000። ለ800 ሰው ሲካፈል እያንዳንዱ በሳምንት 35 ጊዜ አየ ማለት ነው። በቀን 5 ጊዜ! ወይዘሮዋ ሱቅ ድረስ መምጣታቸው ሲያንሰኝ ነው።

ትክክለኛው በጀት በተቃራኒው ይሰላል፦

```
የሳምንት በጀት = የሚደረስ ሰው × የሚፈለግ ድግግሞሽ × የ1000 እይታ ዋጋ ÷ 1000
800 × 3 × 1 ÷ 1000 = 2.40 ዶላር
```

በሳምንት 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም! እኔ 28 ዶላር ነበር የማወጣው። የራሳችሁን የ1000 እይታ ዋጋ የፌስቡክ ማስታወቂያ ማስተዳደሪያ በሆነው አድስ ማናጀር ውስጥ CPM ከሚለው ዓምድ ታገኙታላችሁ። ከእኔ ምሳሌ ይለይ ይሆናል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ቀጥሎ ሌላ ግድግዳ ይገጥማችኋል። ዝቅተኛው የቀን በጀት ብዙ ጊዜ 1 ዶላር አካባቢ ነው። በቀን 1 ዶላር በሳምንት 7 ዶላር፣ ማለትም ወደ 9 ጊዜ ይሆናል። ከምንፈልገው ሦስት እጥፍ ነው። ከ1 ዶላር በታች መውረድ አይቻልም፣ 1 ዶላሩም ያሰለቻል። ሦስት መውጫ አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ማብራት፦ 2 ዶላር፣ 2.5 ጊዜ። ወይም ወደ Awareness ሄዶ ጣሪያ ማስቀመጥ፤ ጣሪያው ሲሞላ ሲስተሙ ገንዘቡን ሳያወጣ ይተወዋል። ወይም የቀን ገደቡን ወደ 90 ማስፋት፤ ሰው ሲበዛ ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ግን የቀዘቀዘ ሰው ይቀላቀላል። ለሀጂ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው። ሁለት ቀን እያበሩ ማጥፋት ርካሽ ነው፤ ማጥፋቱን የሚያስታውስ ሰው ግን ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ረሺ ነኝ።

ሦስተኛው መንገድ ጉግል ዲስፕሌይ ነው፤ ጉግል በሌሎች ድረ ገጾችና አፖች ላይ የሚያወጣው የሥዕል ማስታወቂያ ማለት ነው። ድረ ገጽ ላለው ብቻ። የቀን ገደቡ ካልነካችሁት 30 ነው፣ እስከ 540 ይሄዳል። ጣሪያውን በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር፣ ለካምፔይኑ በሙሉ ወይም ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ማስቀመጥ ይቻላል። በቁጥጥር ረገድ ከሁሉም የተሻለ ነው። ማስታወቂያው ለመሄድ ግን ቢያንስ 100 ጎብኚ ባለፉት 30 ቀናት ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለበት። ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህንን እርሱት፤ ጉግል በጤና ጉዳይ ሰውን ተከትሎ ማስተዋወቅን ይከለክላል። ልክም ነው። የኩላሊት ምርመራ የፈለገ ሰው ካፌ ውስጥ ከጓደኛው ጋር ስልክ ሲያዩ ያ ማስታወቂያ ሊወጣበት አይገባም።

በአንድ ላይ ሲታይ

| ምርጫ | ለማን ይመቻል | ድግግሞሹን የሚይዘው | ዋናው ጉድለት |
|---|---|---|---|
| 3–7 ቀን፣ መልእክት ካምፔይን | ኬክ፣ ምግብ፣ ልብስ | በጀት ብቻ | ሰው ካነሰ ቶሎ ያሰለቻል |
| 30 ቀን፣ Awareness ከጣሪያ ጋር | ሶፋ፣ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ቲቪ | እውነተኛ ጣሪያ | መልእክት የሚልከውን መርጦ አያሳይም |
| 30 ቀን፣ መልእክት ካምፔይን | በሳምንት ብዙ ሺህ ሰው የሚደርስ ሱቅ | በጀትና በየሳምንቱ ማየት | ችላ ከተባለ ድግግሞሹ ያሻቅባል |
| 90–180 ቀን፣ Awareness ከጣሪያ ጋር | ሠርግ አዳራሽ፣ ቤት፣ መኪና | እውነተኛ ጣሪያ | የገዛው ሰው ካልወጣ ያስቀይማል |
| ጉግል ዲስፕሌይ፣ 30 ቀን | ድረ ገጽ ያለው | ከሁሉም የጠበቀ ጣሪያ | ጎብኚ ከሌለ አይነሳም |

የገዛውን ማስወጣት

በሰንጠረዡ ያሉት ሁሉ ይህ ከሌለ ግማሽ ሥራ ናቸው። ጣሪያ ብታስቀምጡም የገዛ ሰው በሳምንት 2 ጊዜ የገዛውን ሶፋ ያያል። የባሰው ደግሞ ዋጋው ቀንሶ ሲያየው ነው። ያኔ መናደድ ብቻ አይደለም፣ እንደተበላ ይሰማዋል።

ያለን መንገድ የስልክ ዝርዝር ነው። ደረሰኝ ስትቆርጡ ስልክ ተቀበሉ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ዝርዝሩን ፌስቡክ ላይ እንደ ደንበኛ ዝርዝር ጫኑ፣ ከዚያ Exclude አድርጉት። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው የቁጥሩ አጻጻፍ ነው፤ ኤክሴል የመጀመሪያዋን ዜሮ ይበላታል። የ09ም ይሁን የ07 ቁጥር ዜሮውን ጥሎ 251 ከፊቱ ይቀድም። ሁለተኛው፣ ቢያንስ 100 የተገጣጠመ ሰው ካልተገኘ ዝርዝሩ አይሠራም። ስልኩ ከፌስቡክ አካውንቱ ጋር ያልተያያዘ ሰው አይገጣጠምም፣ ስለዚህ ከ100 በላይ ብዙ ቁጥር ያስፈልጋል። ስልኩን ስትቀበሉ ለምን እንደምትፈልጉት ንገሩና አስፈቅዱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ባይኖርም ነውር ነው።

ዝርዝር መያዝ ካልሆነላችሁ የቀን ገደቡን አሳጥሩት። ለሶፋ ሻጭ 30 የነበረውን ወደ 20 አካባቢ አውርዱት፣ ጣሪያውንም በሳምንት ወደ 1። አንዳንድ ደመወዝ ጠባቂ ታጣላችሁ። ገዝቶ ከሚያማችሁ ሰው ግን ይሻላል፤ ደሴ ውስጥ ወሬ ከፒያሳ ሮቢት ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም።

እያሰለቸ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

አድስ ማናጀር ውስጥ Frequency የሚል ዓምድ አለ። እይታ ለተደረሰው ሰው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። መጀመሪያ የቀኑን ክልል ወደ ያለፉት 7 ቀናት ቀይሩት። "3.0" የሚለው ቁጥር በሳምንት ሲሆንና በሁለት ወር ሲሆን ፍጹም የተለያየ ነገር ነው። እኔ ለሶፋ ዓይነት ዕቃ በሳምንት ከ2 እስከ 3 እይዛለሁ። ለኬክ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ፣ በ3 ቀን ውስጥ እስከ 3 አይከፋም። 5 ሲያልፍ ዝም ብዬ አልቀመጥም።

ቁጥሩ አማካይ መሆኑን ግን አትርሱ። አማካዩ 3 ሆኖ አንዱ ሰው አንዴ፣ ስልኩን ከእጁ የማያወርደው ሌላው 10 ጊዜ አይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምልክት እይዛለሁ። ድግግሞሹ ሲወጣ የሚነካው ሰው መጠን በመቶኛ እየወረደ ከሄደ፣ የ1000 እይታ ዋጋም እየጨመረ ከመጣ፣ ሰው ጠግቧል። ማስታወቂያውን "አታሳየኝ" ብለው የሚደብቁት ሰዎችም Quality ranking የሚለውን ደረጃ ያወርዱታል። ኮሜንት ሥር "አሁንም እናንተ?" የሚል ከመጣ ደግሞ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም።

እንግዲህ የትኛው ለናንተ?

በቀን ከ10 ዶላር በላይ የማታወጡ ከሆነ፣ ታዳሚ አታደራርቡ። የ30 ቀን የገጽ ተሳታፊዎችን አንድ አድ ሴት ውስጥ አስገቡ፣ Awareness፣ በ7 ቀን 2 ጊዜ፣ በቀን 1 ዶላር። ጣሪያው ገንዘቡን ካላስወጣው ደስ ይበላችሁ፤ የተረፈውን አዲስ ሰው ለመፈለግ አውሉት።

ኮምቦልቻ ላይ ምግብ ወይም ኬክ የምትሸጡ፣ የ3 ቀን ታዳሚ ይበቃችኋል። ሰው ካነሰ ግን ሪታርጌቲንጉን ትታችሁ ለከተማው ሰው በሙሉ ማሳየት ይሻላል። ከተማዋ ሰፊ አይደለችም፤ ኬክ የማይበላ ሰውም የለም።

የሠርግ አዳራሽና ዲኮር ያላችሁ 120 ቀን፣ በወር ከ4 ጊዜ ያልበለጠ፣ በየወሩ ሥዕሉ የሚቀየር። ቀን ያስያዘውን ሰው በዚያው ዕለት ዝርዝር ውስጥ ጻፉት።

ድረ ገጽ ካላችሁና በወር ከጥቂት ሺህ በላይ ጎብኚ ካለ፣ ፌስቡኩን በ2፣ ጉግሉን በሳምንት በ3 ጀምሩ። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ ሰውየው 5 ጊዜ ሊያይ እንደሚችል አስባችሁ ደምሩት።

የሀጂ አድ ሴት ዛሬ 30 ቀን፣ በሳምንት 2 ጊዜ፣ የገዙት ወጥተው ነው የሚሄደው። ዝርዝሩን ቅዳሜ ማታ የምትጭነው ሴት ልጃቸው ናት። ወይዘሮዋ ባለፈው ሰሞን ለእህታቸው አልጋ ሊያዩ መጥተው ነበር፤ ስልክ ስንጠይቃቸው ግን አሁንም ጠረጠሩን።